ረመዳንና ዐቢይ ጾም ለሚገናኙበት ቤተሰብ የሠርግ ቀን አቆራረጥ፦ የ2019 ዓ.ም. ስሌት

ጥያቄ፦ «ሠርጋችን ኮምቦልቻ ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የእናቴ ወገን ግን በሙሉ ሙስሊም ነው። ለ2019 የካቲት 21 ወይም ለቅበላው እሑድ ለየካቲት 28 አዳራሽ ልንይዝ ነው። ከጥር በፊት አይደርስልንም። አክስቴ ከጅዳ ትመጣለች፤ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ 12ኛ ክፍል ነው፣ ፈተና ላይ ከሆነ እናቴ አትፈቅድም። ቀኑ ከማንም ጾም ጋር እንዳይጋጭብን እንዴት እንቁረጠው?»

መልስ፦

የአዳራሹን ቀብድ ገና ካልከፈሉ አይክፈሉ። የካቲት 21ም ሆነ የካቲት 28 ለእናትዎ ወገን ረመዳን ነው፤ የካቲት 28 ደግሞ ለእርስዎም ወገን ቢሆን በማግስቱ ጾም የሚያዝበት ቀን ነው። በ2019 ዓ.ም. ረመዳን የሚገባው የካቲት 1 አካባቢ ሲሆን የሚፈታውም ጨረቃዋ በታየችበት ምሽት መሠረት የካቲት 30 ወይም መጋቢት 1 ነው። ዐቢይ ጾም የሚያዘው የካቲት 29 ሰኞ ነው፤ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል። አንዱ ጾም ሲወጣ ሌላው እየገባ ከየካቲት 1 እስከ ሚያዝያ 23 ድረስ ሰማንያ ሦስት ቀን ያህል ይሄዳል፤ በዚህ ሁሉ መካከል የእናትዎም የአባትዎም ወገን በአንድ ቀትር አንድ ላይ የሚበላበት ቀን የለም።

ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ የሚሳሳተው ያለፈውን ዓመት ይዞ ስለሚያስብ ነው። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ተያዘ፣ ረመዳንም በሁለት ቀን ልዩነት ገባ፤ ስለዚህ ሁለቱም ወገን አብሮ ጾመ፣ ከነነዌና ከረቡዕ ዓርብ በቀር ከየካቲት 9 በፊት የነበሩትም ቀናት ለሁሉም የፍስክ ነበሩ። «አምና አብረው ገብተዋል፣ ዘንድሮም በተመሳሳይ ይሆናሉ» የሚል ሰው የሁለቱን አቆጣጠር ልዩነት አልተረዳም ማለት ነው። የሂጅራው ዓመት የጨረቃ ዓመት ስለሆነ ከፀሐዩ ዓመት በአሥር ወይም በአሥራ አንድ ቀን ያጥራል፣ ረመዳንም በየዓመቱ ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አይሄድም። የኦርቶዶክሱ አጽዋማት ግን በባሕረ ሐሳብ ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባለው ድንበር ውስጥ ሆነው አንድ ዓመት ወደ ፊት፣ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ይመላለሳሉ፤ ይህ ድንበር የጾመ ነነዌ ሲሆን ሌሎቹ ሁሉ ከእርሱ ይቆጠራሉ። ከ2018 ወደ 2019 ረመዳን በአሥር ቀን ወደ ኋላ ሲመጣ ዐቢይ ጾም በሃያ ቀን ወደ ፊት ሄደ፤ በዚህ የተነሣ አምና ተደራርበው የነበሩት ዘንድሮ ተቀጣጠሉ።

የባሕረ ሐሳቡን ስሌት እርስዎም በወረቀት ሊያረጋግጡት ስለሚችሉ ላሳይዎት። 2019ን ከ5500 ጋር ሲደምሩ ዓመተ ዓለሙ 7519 ይሆናል። ይህን ለ19 ሲያካፍሉ 14 ይተርፋል፤ ከዚህ ላይ አንዱን «ለዘመን» ብለው ሲቀንሱ ወንበሩ 13 ነው። 13ን በ19 አባዝተው ሠላሳ ሠላሳውን ሲገድፉ 7 ይቀራል፤ ይህ መጥቅዕ ይባላል። መጥቅዕ ከ14 ሲያንስ በዓለ መጥቅዕ የሚውለው በጥቅምት ነው፤ ስለዚህ ጥቅምት 7 ነው ማለት ነው። የ2019 መስከረም 1 ዓርብ ስለሚውል ጥቅምት 7 ቅዳሜ ይሆናል፣ ለዕለቱ የሚደመረው ቁጥር፣ ተውሳክ የሚባለው፣ ደግሞ ለቅዳሜ 8 ነው። 7ና 8 ሲደመሩ 15፤ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት ሲውል ነነዌ በየካቲት ስለሆነ ጾመ ነነዌ የካቲት 15 ይገባል። የዐቢይ ጾም ተውሳክ 14 ነውና የካቲት 29፣ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነውና ሚያዝያ 24። ስሌቱ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ቀኑን ከዕለቱ ጋር በማስተያየት ነው፦ ነነዌና ዐቢይ ጾም ከሰኞ አይወጡም፣ ትንሣኤም ከእሑድ አይወጣም። የካቲት 15ም የካቲት 29ም ሰኞ ናቸው። ያገኙት የጾም መግቢያ ቀን ማክሰኞ ወይም እሑድ ላይ ከወደቀ አንድ ቦታ ላይ ደምረው ወይም ገድፈው ስተዋል፣ እንደገና ይጀምሩ።

የረመዳንን ግን እንዲህ በእርግጠኝነት መቁረጥ አይቻልም፣ እኔም በአዳራሽ ውል ላይ «ረመዳን በዚህ ቀን ይገባል» ብዬ አልጽፍም። በስሌት የታወቀ ቢሆንም የሚጸናው ጨረቃዋ ስትታይ ነው፤ ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ቀን፣ ለጥንቃቄ ደግሞ ሁለት ቀን ትርፍ ይተዉ። ይህ ለእርስዎ ቀላል የማይባል ለውጥ የሚያመጣው ጥር 30 ላይ ነው። ጥር 30 እሑድ ስለሆነ በስሌቱ ብቻ ካዩት ረመዳን ሊገባ አንድ ቀን የቀረው ነጻ እሑድ ይመስላል። ነገር ግን በዚያው ምሽት ጨረቃ ትጠበቃለች፤ ከታየች የመጀመሪያው ተራዊሕ የሚሰገደው፣ ቤተሰቡም ለመጀመሪያው ሱሑር የሚነሣው በዚያችው ሌሊት ነው። አጎቶችዎ ምሳ በልተው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተነሥተው ይሄዳሉ፣ አክስቶችዎም ቤታቸው ገና አልተሰናዳምና ቀድመዋቸው ይወጣሉ። ይህን ሰበብ አድርጎ የሚነሣ ቅሬታ ለዓመታት ሲነገር ሰምቻለሁ።

አሁን እርስዎ ወዳሰቧቸው ሁለት ቀናት ልመለስ፤ ሁለቱም የሚወድቁት በተለያየ ምክንያት ነው። የካቲት 21 የረመዳን ሃያ አንደኛው ቀን አካባቢ ነው፤ መጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች የሚጀምሩበት ማለት ነው። ከሌላው ጊዜ ይልቅ ሰው መስጊድ የሚያዘወትረው፣ አንዳንድ አዛውንትም ኢዕቲካፍ ገብተው ከመስጊድ የማይወጡት በእነዚህ ሌሊቶች ነው። ስለዚህ «ቀን ካልሆነ ማታ እናደርገዋለን» የሚለው ማስተካከያ እንኳ እዚህ ላይ አይሠራም፤ ለእራት የሚመጡት ወጣቶቹ ብቻ ይሆናሉ።

የካቲት 28 ደግሞ የቅበላ እሑድ ነው። ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ራሱ የሠርጉ ቀን ችግር የለበትም፤ ቅበላ ድሮም የሠርግ መደምደሚያ ነው። ችግሩ መልሱ ነው። ሰኞ የካቲት 29 ዐቢይ ጾም ተይዟል፤ ማክሰኞም ሐሙስም ቅዳሜም ጾም ነው። ሙሽሮች መልስ ሲጠሩ በሽሮና በምስር ወጥ የሚቀበላቸው ቤት አላየሁም፣ በጾም ዘፈንና ሆታ የሚፈቅድ ንስሐ አባትም አላጋጠመኝም። ቅልቅሉማ ጭራሽ ከፋሲካ በኋላ ይሻገራል። የሠርግ ቀን ሲቆረጥ ከጥሎሽ እስከ ቅልቅል ያለውን በሙሉ በአንድ ላይ መቁጠር ይገባል የምለው ለዚህ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። በ2014 ዓ.ም. የካቲት 6 እሑድ አንድ ሠርግ አዘጋጀሁ። በ2013 ነነዌ የካቲት 15 ገብታ ስለነበር የካቲት መጀመሪያ ላይ ምንም የለም ብዬ ባሕረ ሐሳቡን ሳልመለከት ቀኑን አጸደቅሁላቸው። የዚያ ዓመት ነነዌ የካቲት 7 ሰኞ ኖሯል። ሠርጉ ባማረ ሁኔታ አለፈ፤ በማግስቱ የሙሽራዋ እናት ቤት ስደርስ ዶሮው ወጥ በሁለት ትልልቅ ብረት ድስት ተሠርቶ፣ እንቁላሉ ተልጦ በሣህን ላይ እንደተደረደረ፣ አንድ እጅ ያልነካው ሆኖ አገኘሁት። ሴትየዋ ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት ሲያቁላሉ አድረው ጠዋት ላይ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰች ጎረቤት «ዛሬ እኮ ነነዌ ናት» ስትላቸው ነው የሰሙት። መልሱ ወደ ሐሙስ ተዛወረ፤ ሐሙስ ዕለት ግን ከሩቅ የመጡት ዘመዶች ተመልሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ የመልሱንና የቅልቅሉን ቀን ሳልጽፍ የሠርጉን ቀን አልጽፍም።

ለእርስዎ የሚቀረው ጊዜ እንግዲህ ጥር ነው፤ ጥርም ሙሉ አይደለም። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ከዚያ እስከ ጥምቀት ያሉት ሁለት እሑዶች ጥር 2ና ጥር 9 ናቸው። ጥር 2 ሰው ከገና ያልተመለሰበት፣ ጥር 9 ደግሞ በማግስቱ የጥምቀት ገሀድ የሚጾምበትና ታቦት የሚወርድበት ነው፤ በጥምቀት ሰሞን መልስ የሚጠራ ቤተሰብ ያለ እንደሆነ እንግዳ አያገኝም። ከጥምቀት በኋላ የሚቀሩት ጥር 16ና ጥር 23 ናቸው። የ2019 የጋራ የሠርግ ወቅታችሁ እነዚህ ሁለት እሑዶች ናቸው ማለት እችላለሁ፤ በወሎ እንደ እናንተ የተቀላቀለ ቤተሰብ ብዙ ስለሆነ ሌላውም ሰው በእነዚሁ ቀናት ላይ እንደሚያነጣጥር ይወቁና ወደ አዳራሹ ቶሎ ይሂዱ።

ከሁለቱ እኔ ጥር 23ን እመርጣለሁ። ጥር 16 ከጥምቀት በአምስተኛው ቀን ስለሆነ መኪናው፣ ካሜራ የሚያነሣው፣ ድንኳኑም ገና ከበዓሉ ሥራ አልተለቀቀም፤ የሰንጋም ዋጋ ከበዓል በኋላ ቶሎ አይወርድም። ጥር 23 ሲሆን መልሱን ሰኞ ጥር 24 ወይም ማክሰኞ ጥር 25 ማድረግ ይቻላል፤ ረቡዕ አይሆንም። ቅልቅሉን ከቅዳሜ ጥር 29 አያሳልፉት፤ እንዲያውም ሐሙስ ጥር 27 ቢሆን ከረመዳን መግቢያ በቂ ርቀት ይኖረዋል። በዚህ አያያዝ ነነዌም ዐቢይ ጾምም ረመዳንም አንዱም ከሠርጉ ጋር አይነካካም።

ወንድምዎን በተመለከተ ያሳሰበዎት ብሔራዊ ፈተናው ከሆነ በትምህርት ዘመኑ ማብቂያ ላይ የሚሰጥ ስለሆነ ከጥር ጋር አይገናኝም። የሚገናኘው የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ማጠቃለያ ፈተና ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች በጥር ውስጥ ይሰጡታል፣ ሳምንቱ ግን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። ስለዚህ የክፍል ኃላፊ መምህሩን አሁኑኑ ይጠይቁ፤ መርሐ ግብሩ ገና ካልወጣ ያለፈው ዓመት በየትኛው ሳምንት እንደነበር ይጠይቁ። ፈተናው ከጥር 24 እስከ 28 ባለው ሳምንት ከወደቀ ወደ ጥር 16 መሄድ ይሻላል፤ ልጁ እሑድ ማታ እስከ እኩለ ሌሊት ሲጨፍር አምሽቶ ሰኞ ጠዋት ፈተና መግባት የለበትም። ፈተናው ሐሙስ የሚጀምር ከሆነ ግን ለሠርጉ ይኑር፣ ለመልሱና ለቅልቅሉ ይቅር፣ እናትዎም ይህን ሲሰሙ የሚፈቅዱ ይመስለኛል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የአክስትዎ ጉዳይ ነው። የምትሠራው በሰው ቤት ከሆነ ከረመዳን በፊት ያሉት ሳምንታት ፈቃድ ለማግኘት ከሁሉም ይከብዳሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የረመዳን ሌሊት እንግዳውም ምግቡም ስለሚበዛ የቤቱ እመቤት ሠራተኛዋ በዚያ ጊዜ እንድትርቃት አትፈልግም። ስለዚህ «ለሠርግ ልሂድ» ብቻ ሳትል «ረመዳን ከመግባቱ በፊት ተመልሼ እገኛለሁ» ብላ የመመለሻ ቀኗን ይዛ እንድትጠይቅ ይንገሯት። ጥር 23 በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 31፣ 2027 ነው። ፌብሩዋሪ 5 ወይም 6 ላይ ብትመለስ መልሱን ታያለች፣ ቅልቅሉም ሐሙስ ከሆነ ትደርስበታለች። ትኬቱን የሚቆርጥላት ሰው የኢትዮጵያውን ቀን በቃል እንዳይቀይረው፤ ሁለቱንም ቀን ከነዕለቱ ጽፈው ይላኩላት። «እሑድ፣ ጥር 23፣ ጃንዋሪ 31» ተብሎ ከተጻፈ ዕለቱ ራሱ ስሕተቱን ያሳያል።

ጥር 16ና 23 ሁለቱም ካልሆኑ ከፋሲካ በኋላ ያለውን ይመልከቱ እንጂ ወደ የካቲት አይመለሱ። ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው፤ ከዚያ በኋላ ሃምሳው ቀን እስከ ጰራቅሊጦስ፣ ማለትም እስከ ሰኔ 13 ድረስ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ መልስን በፈለጉት ቀን መጥራት ይቻላል። የመጀመሪያው እሑድ ግንቦት 1 ዳግም ትንሣኤ ስለሆነ በክርስቲያኑ ወገን በጣም ይፈለጋል። ይሁንና በዚያ ሳምንት ዙልሒጃ ገብቷል፤ ከዒደል አድሐ በፊት ያሉትን ዘጠኝ ቀናት በፈቃዳቸው የሚጾሙ አዛውንት ብዙ ናቸው፣ የዐረፋን ዋዜማ ደግሞ አብዛኛው ሰው ይጾመዋል። ዐረፋ ራሱ ግንቦት 8 እሑድ አካባቢ ይውላል። ስለዚህ ግንቦት 1 ለእናትዎ ወገን ግማሽ ጾም ነው፣ ግንቦት 8 ደግሞ በዓላቸው ነው። ግንቦት 15 ይሻላል፤ ግንቦት 22 ከሁሉ የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም ከቤተሰቡ ሐጅ የሄደ ሰው ካለ እስከዚያ ተመልሶ ሊደርስ ይችላል። አያትዎ ወይም አጎትዎ ለሐጅ ተመዝግበው እንደሆነ ሳይጠይቁ የግንቦትን ቀን እንዳይቆርጡ። አንዳንድ አዛውንት ግንቦት ለሠርግ አይሆንም እንደሚሉም ያስታውሱ፤ በሃይማኖት የተከለከለ አይደለም፣ ነገር ግን የአባትዎ ወገን ይህን የሚያከብሩ ከሆነ ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ ከመስማት አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። አክስትዎም ከዒድ በኋላ ፈቃድ ማግኘቱ ይቀላታል፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ወንድምዎ ግን በግንቦት መጨረሻ የዝግጅቱ ትኩስ ወቅት ላይ ነው። በእኔ ዓይን ግንቦትን ከጥር ወደ ኋላ የሚያስቀምጠው ይህ ነው።

«እንግዲያው አንድ ዓመት እናቆየው» የሚል ሐሳብ ከመጣም የ2020ን አይቼላችኋለሁ። ረመዳን ጥር 19 አካባቢ ይገባል፣ ነነዌም ጥር 29 ናት፤ ከጥምቀት በኋላ የሚተርፈው አንድ ሳምንት ብቻ ነው። 2020 ደግሞ ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ የሚመጣ ስለሆነ ጥምቀት በጃንዋሪ 20 እንጂ በ19 አይውልም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ትኬት ሲቆርጥ በአንድ ቀን የሚሳሳተው እንዲህ ባለ ዓመት ነው።

በምንም ምክንያት የካቲት ላይ መሆን ካለበት ደግሞ ብቸኛው የምስማማበት ቀን የካቲት 7 እሑድ ማታ ነው። ረመዳን ገና መጀመሪያው ሳምንት ላይ ነው፣ ነነዌም አልገባችም። ነገር ግን ተክሊሉ ወይም ቡራኬው ጠዋት፣ የአባትዎ ወገን ምሳ ቀን ላይ፣ የሁለቱ ወገን እራት ደግሞ ከመግሪብ ጀምሮ መሆን ይኖርበታል። ኮምቦልቻ ላይ በዚያ ወቅት ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12፡30 ገደማ ነው። ቴምርና ውኃው፣ ሳምቡሳውና ሾርባው ከ12 ሰዓት ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ፤ አዛን ሲባል እንግዳው የሚያፈጥርበትን ነገር ፍለጋ መነሣት የለበትም። የሚሰገድበት ንጹሕ ክፍልና የሚታጠቡበት ውኃ ይዘጋጅ፣ ሙዚቃውም ለዚያ ሃያ ደቂቃ ይቁም። የሙስሊሙ ሥጋ በሙስሊም እጅ መታረድና በተለየ ድስት መሠራት እንዳለበት ለወሎ ሰው አልነግርም፤ ብቻ ጠያቂዋ እርስዎ ስለሆኑ የእናትዎን እህቶች በዚያ ወጥ ቤት ላይ ኃላፊ ያድርጓቸው። ለተራዊሕ የሚሄዱ ሰዎች ከሁለት ሰዓት በፊት ስለሚነሡ ኬኩም ምርቃቱም ከዚያ ሰዓት በፊት ይለቅ።

ይህን ሁሉ ይዘው መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ሁለት ሰዎች ነው፦ ወደ ንስሐ አባትዎ፣ ጥር 23 ደብሩ ተክሊል የሚፈጽምበት ቦታ እንዳለው ለመጠየቅ፤ ከዚያም ከእናትዎ ወገን ታላቅ ወደሆኑት ሰው። ለእርሳቸው «ቀኑን ቆርጠናል» ሳይሆን «ረመዳን ከመግባቱ በፊት ጥር 23ን አስበናል፣ ይመችዎታል ወይ» ብለው ይጠይቋቸው። ሁለቱም እሺ ካሉ በዚያው ቀን ቀብዱን ይክፈሉ፣ ውሉም ላይ የመልሱንና የቅልቅሉን ቀን አብረው ያጽፉ።